ወላጅን ስለ መጦር የእንክብካቤንና የፍትሕን ሥነ ምግባር የሚያነጻጽር ድርሰት ቢጋር እንዴት ይሠራል?

ጎንደር ውስጥ በዚህ ርእስ የተጻፉ የተማሪ ቢጋሮችን ለጥቂት ዓመታት ሳነብ ቆይቻለሁ። አብዛኞቹ አንድ መልክ አላቸው። መጀመሪያ መግቢያ ይመጣል፤ ከዚያ የእንክብካቤ ሥነ ምግባር ትርጉም፣ የፍትሕ ሥነ ምግባር ትርጉም፣ የሁለቱ አንድነትና ልዩነት ተከታትለው ይዘረዘሩና መደምደሚያ ይታከልባቸዋል። ድርሰቱ የተጻፈላቸው አረጋዊት እናት ብቅ የሚሉት ከግማሽ በኋላ፣ «ለምሳሌ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ፣ በሁለት መስመር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቢጋር ትርጉሞችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል እንጂ አያነጻጽርም፤ ሁለቱ አስተሳሰቦች የሚጋጩበት አንድም ቦታ ስለሌለው ጸሐፊው በመጨረሻ «ሁለቱም ያስፈልጋሉ» ከማለት ሌላ የሚለው ነገር አያገኝም።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር 1,500 ቃላት ለሚደርስ ድርሰት የሚሆን፣ ከአንድ ገጽ ተኩል የማይበልጥ ቢጋር ለማዘጋጀት ነው። በትምህርት ቤት አማርኛ ይህን ሥራ «አስተዋጽኦ» ብለው የተማሩትም አሉ፤ እኔ ቢጋር እለዋለሁ። የፍትሕ ሥነ ምግባር የምለው ግዴታን ማንንም በማያዳላ ደንብ የሚለካውን አስተሳሰብ ነው፤ የእንክብካቤ ሥነ ምግባር የምለው ደግሞ አንድ ሰው በሌላው ላይ ከመደገፉ የሚነሣውን ነው።

አንደኛ፤ ጥያቄውን እስኪያከራክር ድረስ ማጥበብ

«ልጆች ላረጁ ወላጆቻቸው ግዴታ አለባቸው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጎንደር ውስጥ አያከራክርም። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ የተመረቀ አንባቢ መልሱን ከመጠየቁ በፊት ያውቀዋል፤ ሁለቱም ንድፈ ሐሳቦች ቢሆኑ በዚህ ላይ ብዙ አይለያዩም። ልዩነቱ የሚወጣው ግዴታው መኖሩን ሁሉም ሰው ካመነ በኋላ፣ ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ወንድማማቾችና ወደ እኅትማማቾች መካከል መውረድ ይኖርበታል። እኔ የምመክረው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ እናቷን እቤት ሆና የምትጦር ልጅ፣ በዚህ ምክንያት የቀረባትን ገቢ እንዲተኩላት ወንድሞቿን የመጠየቅ መብት አላት ወይ?

ጥያቄው በደንብ መጥበቡን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ጥያቄውን ለሁለት ሰዎች ያንብቡላቸው፤ ሁለቱም ወዲያው አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ ገና አልጠበበም። ይህን ጥያቄ ቡና ላይ ያነሣሁበት ቤት ሁሉ ለሁለት ተከፍሏል፤ በአንዱ ቤት እንዲያውም ሦስተኛው ቡና ሳይጠጣ ቀርቷል።

ሁለተኛ፤ ከንድፈ ሐሳቡ በፊት ጉዳዩን መጻፍ

በቢጋሩ አናት ላይ፣ የማንኛውንም ፈላስፋ ስም ከመጥራት በፊት፣ ጉዳዩ በ150 ቃላት ገደማ ይቀመጥ። ጉዳዩ ቁጥርና ታሪክ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ የፍትሕ ወገን የሚያሰላው፣ የእንክብካቤ ወገን ደግሞ የሚያስተውለው ነገር ያጣል። ለዚህ መመሪያ እኔ ያዘጋጀሁት ጉዳይ ይህን ይመስላል።

የ78 ዓመት እናት አዘዞ ይኖራሉ። ስኳርና የደም ግፊት አለባቸው፤ ዓይናቸውም ደክሟል። አብራቸው የምትኖረው ታላቂቱ ልጅ ቅዳሜ ገበያ በሚባለው የጎንደር ገበያ በርበሬና ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። በልጅነቷ ለቤቱ ሥራና ለገበያው ረዳት ስላስፈለገ ከስድስተኛ ክፍል እንድትወጣ ተደርጓል፤ ከዚያው ገበያ በተገኘው ገንዘብ መካከለኛው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ዛሬ አዲስ አበባ መሐንዲስ ነው። እሱ በየወሩ 6,000 ብር ይልካል፤ «የድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ይላል። ታናሹ እዚያው ጎንደር ባጃጅ ይነዳል፤ ገንዘብ የለውም፤ እሑድ እሑድ እየመጣ እናቱን ያስቃቸዋል። ታላቂቱ በሳምንት ስድስት ቀን ትከፍተው የነበረውን መደብ አሁን የምትከፍተው ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ በወር 5,000 ብር ያህል ቀርቶባታል። እናትየው ማታ ማታ ለአዲስ አበባው ልጃቸው በስልክ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉታል፤ ነገር ግን የመድኃኒቶቹ ካርቶኖች ስለሚመሳሰሉባቸው የግፊቱን ክኒን ሁለት ጊዜ እየወሰዱ የስኳሩን ሲተዉ ብዙ ቀን እንደቆዩ ታላቂቱ በቅርቡ ደርሳበታለች። ከዚያ ወዲህ ወንድሞቿን፣ «ወይ በዓመት አራት አራት ወር ተካፍለን እንያዛቸው፤ ወይ የቀረብኝን ተኩልኝ» ብላለች። መካከለኛው፣ «ለእናት ደግሞ ደመወዝ ይከፈላል ወይ?» ብሎ መልሷል።

ጉዳዩ ሆን ተብሎ የተዘበራረቀ ነው። ታላቂቱ የተበደለች ልጅ ናት፤ መካከለኛው ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም። አንዱን ወገን ጥፋተኛ አድርጎ የሚጀምር ጉዳይ ድርሰቱን በስሜት ይሞላዋል፤ ለመከራከሪያ የሚተርፍ ቦታም አይኖርም።

ሦስተኛ፤ «ውለታ» የሚለውን ቃል መፈተሽ

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ድርሰት ሲጽፍ በጣም የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እመለከተዋለሁ። «ውለታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ባንድ ላይ ይይዛል። አንድ ሰው ለሌላው የሠራው መልካም ነገር ውለታ ይባላል፤ ያ መልካም ነገር በተቀባዩ ላይ የጣለው የመመለስ ግዴታም ውለታ ይባላል። ቃሉ ሁለቱን ስለሚያጣምር፣ «እናቱ ውለታ ስለዋለችለት ውለታ አለበት» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም ሳያስረዳ እንዳስረዳ ሆኖ ያልፋል።

አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ጄን ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1979 ያነሣችው ክርክር ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ይጠቅማል። እሷ እንደምትለው አንድ ሰው ጠይቆ የተደረገለት ነገር ዕዳ ይፈጥራል፤ በወዳጅነት መካከል የሚደረግ ነገር ግን ዕዳ አይፈጥርም፤ ወዳጆች የሚረዳዱት ዛሬ ባላቸው ዝምድና ምክንያት እንጂ የትናንቱን ሒሳብ ለማወራረድ አይደለም። ልጅ አሳድጉኝ ብሎ አልጠየቀም። ስለዚህ በኢንግሊሽ አባባል ያደገ ልጅ ለወላጁ የሚከፍለው ዕዳ የለበትም፤ ያለበት ግዴታ ቢኖር በመካከላቸው ካለው ፍቅርና ቅርበት የሚመነጭ ነው።

ይህን ለጎንደር አንባቢ ስታቀርቡት ይቆጣል፤ መቆጣቱም ለድርሰቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቁጣው ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። እኛው ራሳችን «የእናት ውለታ ተከፍሎ አያልቅም» እንላለን። ተከፍሎ የማያልቅ ነገር ደግሞ በተራው ትርጉም ዕዳ አይደለም፤ ዕዳ መጠን አለው፤ ሲከፈል ይዘጋል፤ ባለዕዳዎች ሲበዙም ይካፈሉታል። መካከለኛው ልጅ በየወሩ 6,000 ብር ልኮ «የድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ሲል የሚናገረው ስለሚዘጋ ዕዳ ነው፤ «ለእናት ደመወዝ ይከፈላል ወይ?» ሲል ደግሞ የሚናገረው ስለማይዘጋው ውለታ ነው። ለራሱ ሲሆን የመጀመሪያውን፣ ለእኅቱ ሲሆን ሁለተኛውን ትርጉም ይጠቀማል። ይህን መንሸራተት በቢጋሩ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀመጠ ተማሪ ከድርሰቱ ግማሹን ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ስለዚህ በሥራ ደረጃ እንዲህ ይደረግ። «ውለታ» የሚለው ቃል በረቂቁ ውስጥ በገባበት ቦታ ሁሉ ይሰመርበት፤ ከዚያ እንደ ትርጉሙ «የተደረገለት መልካም ነገር»፣ «የሚከፈል ዕዳ» ወይም «ምስጋና» በሚለው ይተካ። አንዱም የማይስማማበት ዓረፍተ ነገር ከተገኘ፣ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ መከራከሪያ የለውም ማለት ነው።

አራተኛ፤ ሦስት የግጭት ነጥቦችን መምረጥ

የድርሰቱ ሐተታ በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ንድፈ ሐሳቦቹ በሚጋጩበት ነጥብ ይከፈል። በእያንዳንዱ ነጥብ ሥር ሁለቱም ወገኖች ስለ አንድ ጉዳይ ይናገሩ። ሦስት ነጥቦች ለ1,500 ቃላት ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ነጥብ ግዴታው ከምን ይመነጫል የሚለው ነው። የፍትሕ ወገን የሚፈልገው ማንንም ሳያዳላ ለሁሉም የሚሠራ ምክንያት ነው፤ የተቀበለ ይመልሳል፣ ያለው ይሰጣል የሚሉት የዚህ ዓይነት ናቸው። የእንክብካቤ ወገን የሚጀምረው ደግሞ አንድ የተወሰነ ሰው በሌላ የተወሰነ ሰው ላይ ከመደገፉ እውነታ ነው። በኢንግሊሽ ክርክር ላይ የተሠራው ሥራ እዚህ ስለሚገባ ነጥቡ አጭር ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሥነ ልቦና ምሁሯ ካሮል ጊሊጋን እ.ኤ.አ. በ1982 የሥነ ልቦና ምሁሩን ሎሬንስ ኮልበርግን የተቸችበትን ታሪክ በሁለት ገጽ ይተርካሉ፤ ይህ አላስፈላጊ ነው። ክርክራቸው የተነሣበት ታዋቂ ምሳሌ የታመመች ሚስቱን ለማዳን መድኃኒት ስለሚሰርቅ ባል እንጂ ስለ ወላጅ ጡረታ አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ «የእንክብካቤ ሥነ ምግባር የሴቶች ሥነ ምግባር ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን አንድም ጊዜ አይግባ። የጉዳያችን ታላቂቱ ልጅ በዚህ አባባል ነው ከስድስተኛ ክፍል የቀረችው።

ሁለተኛው ነጥብ ግዴታው ተፈጸመ የሚባለው መቼ ነው የሚለው ሲሆን፣ በእኔ ግምት የእንክብካቤ ሥነ ምግባር በጣም የሚበረታበት ቦታ ነው። የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ ምሁሯ ጆአን ትሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1993 መልካም እንክብካቤ አራት ነገሮችን እንደሚጠይቅ ጽፋለች፤ እነሱም ችግሩን ማስተዋል፣ ኃላፊነት መውሰድ፣ ሥራውን በብቃት መሥራት፣ በመጨረሻም እንክብካቤ የተደረገለት ሰው የሚሰጠውን ምላሽ መከታተል ናቸው። እነዚህን አራቱን በጉዳዩ ላይ በቅደም ተከተል መሞከር ይገባል። መካከለኛው ኃላፊነት ወስዷል፤ ገንዘቡ ሳይዛነፍ ይደርሳል። ነገር ግን ማስተዋሉ በስልክ «ደኅና ነኝ» ላይ ያበቃል። ያደጉበትን ቤት የሚያውቅ ሰው ደግሞ የዚህ አገር እናት «ደኅና ነኝ» ማለቷ ስለ ጤንነቷ የምትሰጠው መረጃ ሳይሆን ልጇን ላለማስጨነቅ የምታደርገው እንክብካቤ መሆኑን አይስተውም። ምላሹን ማንበብ የቻለችው የክኒኑን ካርቶን የቆጠረችው ልጅ ናት። ስለዚህ በዚህ ነጥብ ላይ 6,000 ብሩ በሙሉ እየተከፈለ ግዴታው ሳይፈጸም ሊቀር ይችላል።

የፍትሕ ወገን እዚህ ዝም አይልም፤ ቢጋሩም ዝም ሊያሰኘው አይገባም። ግዴታ መቼ እንደሚያበቃ ካልታወቀ፣ ብዙ የሚያስተውል ሰው ብዙ ይጫንበታል የሚል ብርቱ ተቃውሞ አለው። ክኒኑን መለየት የቻለችው ታላቂቱ በመሆኗ ብቻ ክኒኑን መለየት ለዘለዓለም የእሷ ሥራ ይሆናል። ማስተዋል መልካም ምግባር ሆኖ ሳለ ለባለቤቱ ቅጣት ይሆናል ማለት ነው።

ሕጉም በዚህ ነጥብ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ቦታ ይገባዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ልጆች ለተቸገሩና ሠርተው ለመኖር ለማይችሉ ወላጆቻቸው ቀለብ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ቀለብ የሚለውም ምግብን፣ መጠለያን፣ ልብስንና ሕክምናን ይጨምራል፤ መጠኑም በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም ይለካል። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በመሆኑ፣ ስለ አዘዞ የሚጽፍ ሰው የአማራ ክልልን የቤተሰብ ሕግ አውጥቶ ማመሳከር ይኖርበታል። ለድርሰቱ የሚጠቅመው ግን ሕጉ ማዘዝ የሚችለው ነገር ዳርቻ ነው። ፍርድ ቤት ቀለብ ይቆርጣል፤ ካርቶን ቁጠር ብሎ ሊያዝ አይችልም። ሕግ ስለሚያዝዝ ግዴታ ነው ብሎ መከራከር ግን የሥነ ምግባር ክርክር አይደለምና ከዚህ ይጠንቀቁ።

አምስተኛ፤ ሦስተኛውን ነጥብ በቁጥር መሥራት

ሦስተኛው ነጥብ ሸክሙ በልጆቹ መካከል እንዴት ይከፋፈላል የሚለው ነው። እዚህ ተማሪዎች «በፍትሕ ሥነ ምግባር መሠረት እኩል ይካፈላሉ» ብለው ያልፋሉ። ከማለፋቸው በፊት ግን በወረቀት ላይ ሊያሰሉት ይገባል።

በገንዘብ ሊቆጠር የሚችለው ሸክም መካከለኛው የሚልከው 6,000 ብርና ታላቂቱ የቀረባት 5,000 ብር ነው፤ ድምሩ 11,000 ብር ይሆናል። ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 3,667 ብር ገደማ ይደርሰዋል። በዚህ ስሌት ታላቂቱ 1,333 ብር ይመለስላታል፤ መካከለኛውም 2,333 ብር ይመለስለታል፤ ሁለቱንም የሚከፍለው ባጃጅ ነጂው ታናሽ ይሆናል። እኩል ማካፈል ከሦስቱ ድኻ የሆነውን የመሐንዲሱ ባለዕዳ አደረገው። ይህ ውጤት የፍትሕ ሥነ ምግባር መሸነፍ አይደለም፤ «እኩል» የሚለው ቃል መለኪያው ምን እንደሆነ ሳይነገር መግባቱን የሚያሳይ ነው። መለኪያው አቅም ከሆነ የበለጠ የሚከፍለው መካከለኛው ነው። መለኪያው ቀደም ሲል የተገኘ ጥቅም ከሆነም አሁንም መካከለኛው ነው፤ የተማረው እኅቱ በቀረችበት ትምህርት ዋጋ ነውና። ጸሐፊው ከሦስቱ መለኪያዎች፣ ማለትም ከእኩል ድርሻ፣ ከአቅምና ከተገኘ ጥቅም፣ የትኛውን እንደመረጠና ለምን እንደመረጠ ቢጋሩ ላይ መጻፍ አለበት።

በዚህ ስሌት ላይ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይታያል። ታላቂቱ ከገበያ የቀረችባቸውን ሰዓታት አንድ ጊዜ እንደቀረ ገቢ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እንደ ሥራ ሰዓት ዋጋ አድርገው ሁለት ጊዜ የሚቆጥሩ አሉ። የሌሊቱን መነሣትና የእሑዱን ልብስ አጠባ ለብቻ መቁጠር ይቻላል፤ ያንኑ ሰዓት ሁለት ጊዜ ማስከፈል ግን የታላቂቱን መከራከሪያ በከንቱ ያዳክማል።

ከስሌቱ ቀጥሎ የፈላስፋው የጆን ሮልስ የእ.ኤ.አ. 1971 ሐሳብ ይግባ። ሮልስ ሰዎች የኅብረተሰቡን ደንብ የሚመርጡት የራሳቸውን ቦታ ሳያውቁ፣ ዓይናቸው በመጋረጃ እንደተጋረደ ሆነው ቢሆን ምን ዓይነት ደንብ እንደሚመርጡ ይጠይቃል። እሱ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያስቀመጣቸው የቤተሰብ አለቆችን በመሆኑ በቤት ውስጥ ያለው አድልዎ እንደማይታየው የፖለቲካ ፈላስፋዋ ሱዛን ሞለር ኦኪን እ.ኤ.አ. በ1989 ተችታለች። እሷ እንዳለችው መጋረጃው ወደ ቤት ውስጥ ይግባ። ሦስቱ ልጆች ነገ ጠዋት ሲነቁ መሐንዲሱ፣ ባጃጅ ነጂው ወይም በርበሬ ሻጯ መሆናቸውን ሳያውቁ ደንብ ቢያወጡ፣ አንዷ መተዳደሪያዋን አጥታ ሌሎቹ ሳይነኩ የሚቀሩበትን ደንብ የሚመርጥ አይኖርም። ለታላቂቱ ጥያቄ ከሁሉ የበረታው ድጋፍ ይህ ነው።

አሁን ግን እናትየውንም ከመጋረጃው በስተጀርባ ያስቀምጧቸው፤ ድርሰቱ የሚነሣው በዚህ እርምጃ ነው። ታላቂቱ ካቀረበቻቸው ሁለት አማራጮች የመጀመሪያው፣ በዓመት አራት አራት ወር መካፈል፣ በልጆቹ መካከል ፍጹም እኩል ነው። ነገር ግን ዓይናቸው የደከመ የ78 ዓመት ሴት ከደብራቸው፣ ከዕድራቸው፣ ግድግዳውን ዳብሰው ከሚያውቁት ቤት ተነሥተው በየአራት ወሩ እንደ ዕቁብ ዕጣ ይዞራሉ ማለት ነው። ለልጆቹ እኩል የሆነው ለእናትየው ከሁሉ የከፋ ነው። የእንክብካቤ ወገን ይህን የሚያየው መጋረጃ ሳያስፈልገው ነው፤ እናትየውን ጠይቆ መልሳቸውን ይሰማልና። ስለዚህ ሁለተኛው አማራጭ፣ ገንዘብ መተካት፣ ሸቀጥ የመሰለው፣ ለእናትየው ይበልጥ የሚያዝነው ሆኖ ይገኛል።

እንዲያውም ገንዘብ መተካቱን የእንክብካቤ ሥነ ምግባር ራሱ ይደግፈዋል። ፈላስፋዋ ኢቫ ኪቴይ እ.ኤ.አ. በ1999 ለዚህ የተጠቀመችበት ምሳሌ ለእኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም፤ የአራስ ምሳሌ ነው። አራሷ ሕፃኑን ትንከባከባለች፤ እናቷ ደግሞ ልታርሳት ትመጣለች፤ ገንፎ የምታገነፋው ለአራሷ እንጂ ለሕፃኑ አይደለም። ኪቴይ እንደምትለው ሌላውን የሚንከባከብ ሰው ራሱ ሳይጎዳ እንዲንከባከብ በዙሪያው ያሉት ሊደግፉት ይገባል። ወንድሞቹ ታላቂቱን ማረስ አለባቸው ማለት ነው። በዚህ ምሳሌ መካከለኛው የፈራው «ደመወዝ» የሚለው ቃል ቦታ ያጣል፤ አራሷን የምታርስ ሴት ለሕፃኑ ደመወዝ ከፈለች አይባልምና።

ስድስተኛ፤ አቋሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ

አቋሙ የሚጻፈው ሦስቱ ነጥቦች ከተሠሩ በኋላ ነው፤ በቢጋሩ ላይ ግን ከጉዳዩ ቀጥሎ ይቀመጣል። ለዚህ ጉዳይ እኔ የምጽፈው የሚከተለው ነው፦ ታላቂቱ ልጅ የቀረባትን ገቢ የመጠየቅ መብት አላት፤ መብቱ የሚመነጨው ለእናቷ ካደረገችው መልካም ነገር ሳይሆን የሦስቱን የጋራ ሸክም ብቻዋን ከመሸከሟ ነው፤ ወንድሞቿ ግን ይህን በመክፈላቸው ለእናታቸው ያለባቸው ግዴታ አይዘጋም።

አቋሙ ለእኅቲቱ በፍትሕ፣ ለእናትየው ደግሞ በእንክብካቤ መልስ ይሰጣል፤ የትኛው የት እንደሚሠራ ስለሚለይም «ሁለቱም ያስፈልጋሉ» ከሚለው ይለያል። ተቃራኒውን አቋም የሚይዝ ሰው ካለ መንገዱ ክፍት ነው፤ ለምሳሌ ታላቂቱ ከእናቷ ቤት በነፃ ትኖራለች፣ ቤቱንም ትወርስ ይሆናል የሚለው መከራከሪያ ሊናቅ የሚችል አይደለም።

ሰባተኛ፤ ቢጋሩን በቃላት መጠን መደልደል

የተጠናቀቀው ቢጋር ይህን ይመስላል፦

ሀ. ጉዳዩና አቋሙ፤ 250 ቃላት። ድርሰቱ በመካከለኛው ጥያቄ፣ «ለእናት ደግሞ ደመወዝ ይከፈላል ወይ?» በሚለው ይጀምራል።

ለ. «ውለታ» እና ሁለቱ ትርጉሞቹ፤ 150 ቃላት።

ሐ. ግዴታው ከምን ይመነጫል? 250 ቃላት። ኢንግሊሽ፤ ተከፍሎ የማያልቅ ዕዳ ዕዳ ይባላል ወይ?

መ. መቼ ተፈጸመ ይባላል? 350 ቃላት። የትሮንቶ አራቱ ነገሮች በክኒኑ ላይ፤ የፍትሕ ወገን ተቃውሞ፤ የቀለብ ሕግ ዳርቻ።

ሠ. እንዴት ይከፋፈላል? 300 ቃላት። የ11,000 ብሩ ስሌት፤ መጋረጃው ወደ ቤት ሲገባ፤ የአራት ወር ዙር፤ አራስ የምታርስ እናት።

ረ. ብርቱው ተቃውሞና መልሱ፤ 200 ቃላት።

በ«ረ» ሥር የሚገባው ተቃውሞ ደካማ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እኔ የምመርጠው የታላቂቱን ያለፈ በደል የሚነካውን ነው፤ ከትምህርት ያስቀሯትን እናት የመጦር ግዴታዋ ከወንድሞቿ ያነሰ አይሆንም ወይ? የዕዳ አስተሳሰብ «አዎ» ይላል፤ የተቀበለችው ያነሰ ነውና። የእንክብካቤ አስተሳሰብ ግን የሚቸገረው እዚህ ነው፤ ዛሬ እናትየው የተደገፉት በእሷ ላይ መሆኑ የትናንቱን በደል ይሰርዘዋል ብሎ ማለት አይችልም፤ ክኒኑን ትተወው ሊልም አይችልም። ጸሐፊው ይህን ችግር ሳይሸፍን ቢጽፈውና በደሉ ከእናትየው ላይ ሳይሆን ከበደሉ ከተጠቀመው ወንድም ላይ እንደሚጠየቅ ቢከራከር፣ ወደ «ሠ» ስሌት የሚመለስ መልስ ያገኛል።

የመጨረሻው ፍተሻ አምስት ደቂቃ አይወስድም። በቢጋሩ ላይ ያሉትን የፈላስፎች ስሞች ሁሉ በጣት ሸፍነው ያንብቡት። ከሥራቸው የቀረው ጽሑፍ ስለ አዘዞዋ እናት፣ ስለ ካርቶኑና ስለ በርበሬው መደብ መናገሩን ከቀጠለ ወደ ድርሰቱ ይለፉ። ካልቀጠለ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመልሰው ጉዳዩን እንደገና ይጻፉት።